ፊርማው በነፃ፣ ፖስታው በቁጥር

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ አበሻ በሚበዛባቸው የአሜሪካ ሰፈሮች፣ ጃንዋሪ ሲያልቅ የታክስ ቢሮዎች ሥራ ይጦፋል። ኤፕሪል 15 እስኪያልፍ ድረስ ስልኩ ጋብ አይልም። ግማሹ ደንበኛ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ሌላው የምሽት ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ወይም ዴንቨር ሄዷል፤ ወይም ከልጆቹ ጋር ቤት ውሎ መውጣት አልቻለም። ለእነዚህኞቹ ታክስ ሠሪዋ ሰነዱን በኢሜይል ትልካለች፤ እነሱም ስልካቸው ላይ በጣታቸው ይፈርማሉ።

ሕጉ ይህን ከፈቀደ ቆይቷል። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕግ በፕሬዚዳንት ክሊንተን የጸደቀው በጁን 2000 ነው። ደንበኛው ለመፈረም ምንም አይከፍልም፤ የምትከፍለው ላኪዋ ናት። ምን ያህል እንደምትከፍልና ለከፈለችው ምን እንደምታገኝ ግን የዋጋ ሰንጠረዡን ለአፍታ በማየት ብቻ አይገባም። ለዚህ ነው ብዙ አነስተኛ ቢሮ ወይ የማይበቃውን ፓኬጅ፣ ወይ የማይጠቀምበትን ውድ ፓኬጅ ገዝቶ የሚገኘው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ብቻዋን የምትሠራ፣ 120 ደንበኞች ያሏት ታክስ ሠሪ አለች እንበል። ሰባዎቹ ቢሮዋ መጥተው በእስክሪብቶ ይፈርማሉ። ሃምሳዎቹ በርቀት የሚፈርሙ ናቸው። ለእያንዳንዱ የርቀት ደንበኛ በሰሞኑ ሁለት ጊዜ ሰነድ ትልካለች። የመጀመሪያው የአገልግሎት ውል ነው፦ ምን እንደምትሠራ፣ ስንት እንደምታስከፍል፣ ደንበኛው የትኞቹን ወረቀቶች ማምጣት እንዳለበት የሚገልጽ። ሁለተኛው ታክሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚሄደው ፎርም 8879 ነው። ይህ ፎርም ደንበኛው የተሠራለትን ሂሳብ አይቶ «ልክ ነው፣ በኤሌክትሮኒክ ላኪልኝ» ብሎ የሚፈቅድበት ወረቀት ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ ፎርሙ ሳይፈረም ታክሱ እንዲላክ አይፈቅድም። የተፈረመውን ፎርም ራሱን ግን አይቀበልም፤ ታክስ ሠሪዋ ዘንድ ይቀመጣል።

እንግዲህ ሃምሳ ሲባዛ በሁለት፣ መቶ። ይህች ቁጥር ትያዝ።

በዚህ ገበያ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በ2003 የተመሠረተው ዶኪዩሳይን ነው። ዶኪዩሳይን የሚቆጥረው ገጽንም ፊርማንም አይደለም። የሚቆጥረው ኤንቨሎፕ ብሎ የሚጠራውን ነው፤ ማለትም አንድ ጊዜ የተላከ ፖስታ። በአንድ ፖስታ ውስጥ አንድ ገጽም ይግባ ሦስት ሰነድ፣ አንድ ሰው ይፈርምበት ባልና ሚስት፣ ሂሳቡ አንድ ነው። ስለዚህ ለባል አንድ፣ ለሚስት አንድ እያለች የምትልክ ታክስ ሠሪ ኮታዋን በእጥፍ ታቃጥላለች። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ውስጥ በተራ እንዲፈርሙ ማድረግ ትችላለች፤ ባል ሲጨርስ ለሚስት ራሱ ያስተላልፋል።

ፖስታው የሚቆጠረው ሲላክ ነው እንጂ ሲፈረም አይደለም። ደንበኛው ሳይከፍተው ቢቀር ወይም ላኪዋ ብትሰርዘው ቁጥሩ አይመለስም። በተሳሳተ ኢሜይል ከላከች ሰርዛ እንደ አዲስ ከመላክ ይልቅ የተላከውን ፖስታ ከፍታ አድራሻውን ብታርም ይሻላል፤ እርማት እንደ አዲስ አይቆጠርም። ብዙ ሰው ግን ሲሳሳት እጁ የሚሮጠው ወደ ስረዛው ነው።

አሁን ፓኬጆቹን በዚህ ዓይን እንያቸው። ዋጋ ስለሚቀያየር ከመግዛት በፊት ገጹን ማየት ያሻል፤ ላለፉት ዓመታት የነበረው ግን በግምት ይህን ይመስላል። ፐርሰናል የሚባለው ዝቅተኛው ፓኬጅ ለዓመት ሲከፈል በወር 10 ዶላር ሲሆን በየወሩ 5 ፖስታ ይፈቅዳል። ስታንዳርድ በወር 25 ዶላር፣ ቢዝነስ ፕሮ 40 ዶላር ነው። ሁለቱም የዓመት ውል ለተገባበት ለአንድ ተጠቃሚ በዓመት 100 ፖስታ ይሰጣሉ።

ፐርሰናል በዓመት 60 ፖስታ ይሰጣል ማለት ነው፤ ሲያዩት ለትንሽ ቢሮ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ኮታው የወር ነው። የታክስ ሥራ ደግሞ በአራት ወር ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል፤ በእነዚህ አራት ወራት እጇ የሚገባው 20 ፖስታ ብቻ ነው። በደንበኛ ሁለት ሁለት ከተላከ ለአሥር ሰው ይበቃል። የቀሩት አርባ ፖስታዎች በጁላይና በኦክቶበር፣ ማንም በማይፈልጋቸው ጊዜ ይመጣሉ። «የታክስ ሰሞን ብቻ እከፍላለሁ» ብላ ስታንዳርድን በየወሩ እየከፈለች ብትወስድም ያው ነው፤ ያኔ የሚሰጣት በወር 10 ሲሆን በአራት ወር 40 ይሆናል። የዓመት ውል ስትገባ ግን 100ውን በፈለገችው ሰሞን ልትጨርሰው ትችላለች። ሥራው በሰሞን ለሚመጣ ሰው፣ የዓመት ውል ትልቁ ጥቅም ከቅናሹ ይልቅ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኮታው ሲያልቅ ወይም ሊያልቅ ሲል ወደ ላይኛው ፓኬጅ መሄድ መፍትሔ ይመስላል። ከስታንዳርድ ወደ ቢዝነስ ፕሮ ስትወጣ ግን በዓመት 180 ዶላር ትጨምራለች እንጂ አንድ ፖስታ አይጨመርላትም። ላይኛው ፓኬጅ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፦ አንድን ሰነድ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው መበተን፣ ፈራሚው ከፊርማው ጋር ፋይል እንዲያያይዝ ማድረግ፣ እዚያው ላይ ክፍያ መቀበል። በጃንዋሪ የአገልግሎት ውሉን ለሃምሳው ደንበኛ በአንድ ጠቅታ መላክ ያስጎመጃል፤ ሆኖም ሃምሳ ሰው ጋ የሄደ ውል ሃምሳ ፖስታ ነው። የሚቆጥበው የአንድ ከሰዓት ድካም ነው፣ ኮታ አይደለም። ፋይል ማያያዙም ለታክስ ሠሪዋ ያን ያህል አይጠቅምም፤ ደብልዩ-2 እና መንጃ ፈቃድ መቀበያ ሳጥን አብዛኛው የታክስ ሶፍትዌር አብሮት ይመጣል። ክፍያ መቀበሉ ለቤት አከራይ ወይም ለድግስ አዘጋጅ፣ ቀብድ ከውል ጋር ለሚቀበል ሰው ይሆናል። ለእሷ ግን 180 ዶላር አያወጣም።

በቴምፕሌት ጉዳይ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የሚቆጥበው ጊዜም የሚያመጣው ጣጣም ብዙ ነውና። ቴምፕሌት አንዴ ተዘጋጅቶ ደጋግሞ የሚላክ ሰነድ ነው። የአገልግሎት ውሉን ትጭናለች፤ ፊርማው የት እንደሚያርፍ፣ ቀኑ የት እንደሚጻፍ፣ የትኛው ሣጥን ምልክት እንደሚደረግበት ትወስናለች። የሰው ስም በቀጥታ አታስገባም፤ በምትኩ «ደንበኛ»፣ «የትዳር አጋር»፣ «አዘጋጅ» የሚሉ ቦታዎችን ትከፍታለች። ስትልክ ስምና ኢሜይል ሞልታ ትለቃለች፤ አምስት ደቂቃ የሚወስደው ሥራ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ከሰነዱ ጋር የሚሄደውን የኢሜይል መልእክትም ቴምፕሌቱ ያስቀምጥላታል። እዚያ ላይ በአማርኛ «ሰላም፣ የዚህ ዓመት የታክስ ውልዎ ነው። ቢጫውን ምልክት ተጭነው ይፈርሙ፤ ያልገባዎት ነገር ካለ ሳይፈርሙ ይደውሉልኝ» ብላ አንዴ ብትጽፍ፣ እንግሊዝኛ የከበደው ደንበኛ ኢሜይሉን የማጭበርበሪያ መስሎት አይሰርዘውም። በነገራችን ላይ ፈራሚው ስሙን ከመተየብ ይልቅ በጣቱ መሳል ይችላል፤ በግዕዝ ፊደል የሚፈርም ሰው ፊርማውን መቀየር የለበትም።

ጣጣው የሚመጣው ፎርም 8879 ላይ ነው። የአገልግሎት ውሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ቴምፕሌቱ ሰነዱን ራሱን ይይዛል። 8879 ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ነው፤ ገቢው፣ ታክሱ፣ ተመላሹ ከታክስ ሶፍትዌሩ ታትሞ ይወጣል። ስለዚህ እዚህ ቴምፕሌቱ የሚያገለግለው እንደ መደርደሪያ ነው፦ የፊርማውን፣ የቀኑንና ደንበኛው የሚመርጠውን ባለ አምስት አሃዝ ፒን ቦታ በአዲሱ ሰነድ ላይ ያሳርፋል። የሚያሳርፈውም የገጹን ቁጥርና በገጹ ላይ ያለውን ቦታ ይዞ ነው፤ ጽሑፉን አያነብም። ሶፍትዌሩ ከፎርሙ በፊት የደንበኛ ደብዳቤ አክሎ ካተመ ፎርሙ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርድና የፊርማው ሣጥን ደብዳቤው መሐል ላይ ያርፋል። አይአርኤስ ፎርሙን በአዲስ ዓመት ሲያሻሽል መስመሮቹ ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ደግሞ የባል ፊርማ የሚስት መስመር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደንበኛው ምንም ሳይጠረጥር ይፈርማል፤ ሥርዓቱም «ተጠናቋል» ይላል። ስህተቱ የሚታየው ፋይሉን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያውን 8879 ከመላክ በፊት ፈራሚው እንደሚያየው አድርጎ የሚያሳየውን ቅድመ ዕይታ መክፈት ነው። ይህ ከኮታ አይቀንስም። ለራስ ኢሜይል ልኮ መሞከር ግን አንድ ፖስታ ይበላል። ብቻውን ለሚሞላና ከትዳር አጋሩ ጋር ለሚሞላ ሰው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቴምፕሌቶች ማዘጋጀት ይሻላል። በአንዱ ለመሥራት የሚሞክር ሰው ላላገባ ደንበኛ የሚስትን ቦታ ባዶ ትቶ ወይ አልላክ ይለዋል፣ ወይ የራሱን ስም ሞልቶ ያልፋል።

እስካሁን ያለው ሁሉ የቁጥርና የጊዜ ጉዳይ ነው። ወሳኙ ነገር ግን በዋጋ ሰንጠረዡ ላይ በትንሽ ፊደል የሚገኝ ወይም ጭራሽ የማይገኝ ነው። አይአርኤስ ታክስ ሠሪዎች 8879ን በኤሌክትሮኒክ እንዲያስፈርሙ የፈቀደው በ2014 ሲሆን ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ደንበኛው በርቀት ከፈረመ ማንነቱ በሦስተኛ ወገን መረጋገጥ አለበት። የኢሜይል ሊንክ ተጭኖ መፈረም ለአገልግሎት ውሉ ይበቃል፤ ለ8879 አይበቃም። የተለመደው ማረጋገጫ ከብድር ታሪክና ከሕዝብ መዛግብት የተውጣጡ ጥያቄዎችን መጠየቅ ነው፦ ከእነዚህ አድራሻዎች በየትኛው ኖረዋል? የመኪና ብድር የወሰዱት ከማን ነው? ይህ አገልግሎት በተራው የዶኪዩሳይን ፓኬጅ ውስጥ የለም፤ ከላይኞቹ ጋር ተጨምሮ ለብቻው የሚከፈልበት ነው። ባልና ሚስት አብረው ከሞሉ ሁለቱም ለየብቻ ይጠየቃሉ።

ከዚህ ላይ የስደተኛው ችግር ይጨመራል። አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ክሬዲት ካርድ የሌለው፣ ቤት ከዘመድ ጋር የሚጋራ ሰው በመዝገብ ላይ ብዙም አይገኝም። ሥርዓቱ ወይ የሚጠይቀው ያጣል፣ ወይ ከሌላ ሰው ጋር ያደባልቀዋል። «እህቴ፣ ኦሃዮ ውስጥ የትኛው መንገድ ላይ ነው የኖርከው ይለኛል፤ እኔ ኦሃዮን በካርታም አላውቃት» የሚል ስልክ ይመጣል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ መጨረሻ ያለው «ከተጠቀሱት አንዱም አይደለም» ነው። ደንበኛው ግን አንዱን መምረጥ ግዴታ መስሎት ይገምትና ይወድቃል። ይህን አስቀድሞ በአማርኛው መልእክት ላይ መጻፍ ብዙ ስልክ ያስቀራል።

ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኤሌክትሮኒክ መፈረም አይፈቀድለትም፤ በእጁ መፈረም አለበት። ይህ ማለት ግን የግድ ከዴንቨር ይምጣ ማለት አይደለም። ፎርሙን አትሞ፣ በእስክሪብቶ ፈርሞ፣ ስካን አድርጎ በኢሜይል ወይም በፋክስ ቢመልሰው አይአርኤስ ይቀበላል። በወረቀት ላይ የተፈረመ ፊርማ ምስሉ በኢሜይል ስለተላከ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ አይባልም። በጣት ስክሪን ላይ የተሳለው ግን ይባላልና ማረጋገጫውን ይጠይቃል። ቢሮ መጥቶ ታብሌት ላይ የሚፈርም ደንበኛ ጥያቄዎቹን አይጠየቅም፤ ታክስ ሠሪዋ ፎቶ ያለበት መታወቂያውን አይታ ትመዘግባለች። ቀደም ባለው ዓመት ታክሱን የሠራችለትና ያኔም ማንነቱን ያረጋገጠችው ደንበኛ ከሆነ፣ በአካል ሲመጣ መታወቂያውን እንደገና ማየት አይጠበቅባትም።

ታዲያ ምን ትግዛ? መቶዋ ፖስታ እንደገና ትምጣ። ሁለቱንም ሰነድ በስታንዳርድ ልላክ ብትል 100ው ለ100 ይሆናል፤ ለአንዲት ስህተት እንኳ ቦታ የለም፤ በዚያ ላይ 8879ኞቹ ማረጋገጫ የላቸውም። በቢዝነስ ፕሮ ላይ ማረጋገጫ ጨምራ ብትገዛ ሕጉን ታሟላለች፤ ቁጥሩ ግን ያው ጠባብ ነው፣ ወጪውም ይከብዳል። ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን ሰነዶች መለየት ነው። ድሬክንና ፕሮሲሪስን የመሳሰሉ የታክስ ባለሙያ ሶፍትዌሮች ማረጋገጫው የተካተተበት የራሳቸው የፊርማ አገልግሎት አላቸው፤ ክፍያውም በወር ሳይሆን በተጠቀሙበት ልክ ነው። 8879 በዚያ ይሂድ። ማንነት ማረጋገጥ የማይጠይቀው የአገልግሎት ውል ብቻ ወደ ወርሃዊው ፓኬጅ ይቀራል፤ እሱም ሃምሳ ፖስታ ነው።

ለሃምሳ ፖስታ ደግሞ ዶኪዩሳይን ብቸኛው አማራጭ አይደለም። ቀድሞ ሄሎሳይን ይባል የነበረው፣ በ2019 ድሮፕቦክስ በ230 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ድሮፕቦክስ ሳይን፣ መነሻ ከሚከፈልባቸው ፓኬጆቹ ጀምሮ የሚላክ ሰነድን አይቆጥርም። ዋጋው ለዓመት ሲከፈል በወር 15 ዶላር አካባቢ ነው። ይህኛው የሚገድበው ቴምፕሌቱን ነው፤ በመነሻው ፓኬጅ 5፣ በቀጣዩ 15። ላላገባ፣ ላገባ፣ የራሱ ንግድ ላለው ደንበኛ እያለች ብትከፋፍል ሦስት ወይም አራት ይበቃታልና አምስቱ አያጣብባትም። ለተለያየ አሠሪ የተለያየ ውል የሚያዘጋጅ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ግን አምስቱን በመጀመሪያው ሳምንት ይጨርሳቸዋል። በወር ሦስት ሰነድ ብቻ የሚልክ ሰው ደግሞ የዚሁ ድርጅት ነፃ አማራጭ ይበቃዋል።

አንድ ጥያቄ ከእነዚህ ደንበኞች አይጠፋም፦ «እህቴ፣ እግረ መንገድሽን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ውክልና በዚሁ ላኪልኝ።» ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ፣ በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት የሕግ መሠረት ጥላለች። ያ ማለት ግን በዶኪዩሳይን የተፈረመ ውክልና ቤት ያሸጣል ማለት አይደለም። ከውጭ የሚላክ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል መረጋገጥ ይኖርበታል። ስልክ ላይ የተፈረመው ፋይል ቢያምርም አዲስ አበባ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ይመለሳል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰሞኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ነው። በሜይ ወር ፓኬጁን መሰረዝ የሚያስብ ታክስ ሠሪ ብዙ ነው። አይአርኤስ የተፈረመው 8879 ለሦስት ዓመት እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ የሚቆጠረውም ታክሱ መግባት ካለበት ወይም መሥሪያ ቤቱ ከተቀበለበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው። በርቀት ለተፈረመው ደግሞ ፎርሙ ብቻ አይበቃም፤ የተፈረመበት ቀንና ሰዓት፣ የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ፣ በምን ዘዴ እንደተፈረመና የማንነት ማረጋገጫው ውጤት አብረው መቀመጥ አለባቸው። እነዚህ ከተፈረመው ሰነድ ጋር በሚመጣው የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬትና በማረጋገጫው መዝገብ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ደንበኛው እንደፈረመ ወዲያው አውርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ በደንበኛው ስም አስቀምጡ፤ ሂሳቡን የምትዘጉት ከዚያ በኋላ ይሁን።